ላች ለምን ያሳልፋል? ፍሊፕ-ፍሎፕስ ለምን አያሳልፍም?

ከዲጂታል ሰርኪዩቶች ሁሉ ቀላል ከሚባሉት አንዱ ገልባጭ ነው። ሥራው የክሎክ ምት በመጣ ቁጥር 0 የነበረውን 1፣ 1 የነበረውን ደግሞ 0 ማድረግ ነው። ብዙ ቆጣሪዎች የሚሠሩት እንዲህ ያሉ ገልባጮችን በመደርደር ነው። አንድ ገልባጭ ለመሥራት አንድ ቢት የሚይዝ ማስታወሻና የቢቱን ዋጋ የሚቀይር ኢንቨርተር ይበቃሉ፤ የማስታወሻው መውጫ በኢንቨርተሩ አልፎ ተመልሶ ወደ ራሱ መግቢያ ይገባል።

በወረቀት ላይ ሲሳል እንከን የለበትም። ሲሠራ ግን ማስታወሻው ፍሊፕ-ፍሎፕ ከሆነ በትክክል ይገለብጣል፤ ላች ከሆነ ግን ውጤቱ የማይታመን ይሆናል። ሁለቱም አንድ ቢት ይይዛሉ፤ ሁለቱም የመረጃ መግቢያ፣ የክሎክ መግቢያና መውጫ አላቸው። የሚለያዩት ክሎኩን በሚያዳምጡበት መንገድ ነው።

የላችን ጠባይ ለመረዳት ውስጡን ማየት ይረዳል። በተለመደው አሠራር ሁለት ኢንቨርተሮች በቀለበት ይያያዛሉ፤ የአንዱ መውጫ ለሌላው መግቢያ ይሆናል። ወደ ቀለበቱ የገባ 0 ሁለት ጊዜ ተገልብጦ ያው 0 ሆኖ ይመለሳል። ስለዚህ ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ዋጋው ራሱን እየደገመ ይቆያል። ማስታወስ ማለት ይኸው ነው።

አዲስ ዋጋ እንዲገባ ግን ሁለት የትራንዚስተር ስዊቾች ያስፈልጋሉ። አንደኛው የውጭውን መግቢያ ከኢንቨርተሮቹ ጋር ያገናኛል፤ ሁለተኛው ቀለበቱን ራሱን ይገጥመዋል። ክሎኩ ሁለቱን በተቃራኒ ያዛቸዋል። ክሎኩ 0 ሲሆን መግቢያው ይቋረጣል፣ ቀለበቱ ይገጥማል፣ የመጨረሻው ዋጋ ተይዞ ይቀራል። ክሎኩ 1 ሲሆን ደግሞ መግቢያው ይገናኛል፣ ቀለበቱ ይፈታል። ቀለበቱ በተፈታበት ጊዜ ላቹ የሚያስታውሰው ነገር የለም። መግቢያው ላይ የመጣው ሁሉ በኢንቨርተሮቹ በኩል በጥቂት ናኖ ሰከንድ ዘግይቶ መውጫው ላይ ይታያል። መግቢያው አሥር ጊዜ ቢለዋወጥ መውጫውም አሥር ጊዜ ይለዋወጣል። ላች አሳላፊ የሚባለው ለዚህ ነው፤ ማስታወሻነቱ የሚጀምረው ሲዘጋ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ገልባጩ እንመለስ። ክሎኩ 1 ሜጋ ኸርዝ ነው እንበል። በእያንዳንዱ ዙር 500 ናኖ ሰከንድ ያህል 1 ሆኖ ይቆያል፣ ያን ያህል ደግሞ 0 ይሆናል። ሲግናሉ በላቹና በኢንቨርተሩ አንድ ጊዜ ለመዞር 25 ናኖ ሰከንድ ይፈጅበታል ብለን እንውሰድ። ላቹ ሲከፈት መውጫው ይገለበጣል። የተገለበጠው ዋጋ ተመልሶ ይመጣል፤ ላቹ ገና ክፍት ስለሆነ እንደገና ይገለበጣል። በ500 ናኖ ሰከንድ ውስጥ ይህ 20 ጊዜ ይደጋገማል። 20 ሙሉ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ተጋማሽም ስለሆነ ቢቱ ወደ መነሻው ይመለሳል። ቺፑ ትንሽ ሞቆ ዙሩ 26 ናኖ ሰከንድ ቢፈጅ ግን ግልበጣው 19 ይሆንና ቢቱ በተቃራኒው ዋጋ ይቆማል። አንድ ናኖ ሰከንድ መልሱን ቀየረው ማለት ነው።

ይህን ጥፋት ከሌላው የሚለየው ምልክት አለ። ሰርኪዩት የሚሳሳተው ሲግናሉ ዘግይቶ እየደረሰ ከሆነ ክሎኩን ማዘግየት ያድነዋል። እዚህ ግን ክሎኩ በዘገየ ቁጥር ላቹ ክፍት የሚሆንበት ጊዜ ይረዝማል፣ ግልበጣውም ይበዛል። በኦሲሎስኮፕ ሲታይ ክሎኩ 1 በሆነበት ጊዜ ሁሉ መውጫው ላይ ጥቅጥቅ ያለ መወዛወዝ ይታያል፤ ክሎኩ 0 ሲሆን ጸጥ ይላል።

መፍትሔው ሁለት ላቾችን አንዱን ከሌላው ኋላ ማድረግና ክሎኩን በተቃራኒ መስጠት ነው። የመጀመሪያው ክሎኩ 0 ሲሆን ይከፈታል፣ ሁለተኛው 1 ሲሆን። ይህ ድርብ በር ያለው መግቢያ ይመስላል፤ የውጭው በር ሳይዘጋ የውስጡ አይከፈትም፣ ስለዚህ ከውጭ እስከ ውስጥ በአንድ ጊዜ ክፍት የሚሆን መንገድ የለም። ክሎኩ ከ0 ወደ 1 ሲወጣ የመጀመሪያው ላች ያገኘውን ዋጋ ይዞ ይዘጋል፣ ሁለተኛው ተከፍቶ ያንኑ ዋጋ ያሳያል። ከዚያ በኋላ መግቢያው ቢለወጥ የተዘጋው ላች ያግደዋል። ክሎኩ ወደ 0 ሲመለስ ሁለተኛው ያሳየውን ይዞ ይዘጋል። ከውጭ ለሚያየው ሰው መውጫው የሚለወጠው ክሎኩ በሚወጣበት ቅጽበት ብቻ ነው። ፍሊፕ-ፍሎፕ በዚህ መንገድ ይሠራል።

ማስታወሻው ፍሊፕ-ፍሎፕ ከሆነ ገልባጩ በአንድ ምት አንድ ጊዜ ብቻ ይገለብጣል። ከ1 ሜጋ ኸርዝ ክሎክ ንጹህ 500 ኪሎ ኸርዝ ይወጣል፤ ዙሩ 25 ይሁን 26 ናኖ ሰከንድ ለውጥ አያመጣም። በእርግጥ ፍሊፕ-ፍሎፕም የራሱ ወሰን አለው። የመጀመሪያው ላች ለመዝጋት ጥቂት ጊዜ ስለሚፈልግ መግቢያው ከክሎኩ መውጣት ትንሽ ቀደም ብሎና ትንሽ ቆይቶ መርጋት ይኖርበታል። በዚያች ጠባብ ጊዜ መግቢያው ከተለወጠ መውጫው በ0 እና በ1 መካከል ሊያመነታ ይችላል።

ይህ ሁሉ ላችን የማይረባ አያደርገውም። የ8051 ማይክሮ ኮንትሮለር ከውጭ ሜሞሪ ጋር ሲሠራ ስምንቱ የታችኛው አድራሻ ቢቶችና ስምንቱ የመረጃ ቢቶች በየተራ በአንድ ፒኖች ይወጣሉ። አድራሻው ሳይጠፋ እንዲቆይ 74HC373 የተባለ ስምንት ላች ያለው ቺፕ ይገጠማል። ኤ ኤል ኢ የተባለው መቆጣጠሪያ ሲግናል መጀመሪያ ይነሣል፣ አድራሻው ከዚያ በኋላ ይረጋል፣ በመጨረሻ ሲግናሉ ይወርዳል። በ12 ሜጋ ኸርዝ ክሎክ አድራሻው ሲግናሉ ከመውረዱ ቢያንስ 43 ናኖ ሰከንድ ቀድሞ ይረጋል። ላቹ ያን ጊዜ ክፍት ስለሆነ አድራሻው ወዲያው ወደ ሜሞሪው ያልፋል፣ ሜሞሪውም ፍለጋውን ቀድሞ ይጀምራል።

74HC374 ደግሞ ስምንት ፍሊፕ-ፍሎፕ ይዟል፤ የፒኖቹ አቀማመጥ ከ373ቱ ጋር አንድ ስለሆነ በዚያው ሶኬት ይገባል። ነገር ግን የሚይዘው ሲግናሉ በሚነሣበት ቅጽበት ነው፣ አድራሻውም ያን ጊዜ ገና አልረጋም፤ ስለዚህ ሜሞሪው የተሳሳተ አድራሻ ይደርሰዋል። ሲግናሉ በኢንቨርተር ተገልብጦ ቢሰጠው በትክክል ይይዛል፣ ያ 43 ናኖ ሰከንድ ግን ይባክናል።

የትኛው ቺፕ እጅ ላይ እንዳለ ለማወቅ የመቆጣጠሪያ ፒኑን፣ በሁለቱም 11ኛውን፣ 1 ላይ አቁሞ፣ መውጫውን የሚፈቅደውን 1ኛ ፒን ደግሞ 0 ላይ አድርጎ መግቢያውን መቀያየር ነው። መውጫው አብሮ ከተከተለ ላች ነው፤ ካልነቃነቀ ፍሊፕ-ፍሎፕ ነው። ለመምረጥም የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ማስታወሻው ክፍት ሳለ የራሱ መውጫ ዞሮ ወደ መግቢያው ሊደርስ ይችላል? ከቻለ ፍሊፕ-ፍሎፕ ያስፈልጋል። ካልቻለና መረጃው ቶሎ እንዲያልፍ ከተፈለገ ላች ይበልጣል።