ሞዴል ሲቀየር ምን ይሻገራል? ምንስ ይቀራል?

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ አገልግሎት የጀመረ ድርጅት ውሎ አድሮ ሞዴል መቀየሩ አይቀርም። አንዱ ሞዴል ይወደዳል፣ ሌላው አማርኛን የተሻለ ይችላል፣ የቆየውን ደግሞ አምራቹ ራሱ ከአገልግሎት ያወጣዋል። ያን ጊዜ እስካሁን ከተሠራው ምን ያህሉ አብሮ እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል። ሰው አንብቦ የሚረዳው ጽሑፍ ይሻገራል፤ ሞዴሉ ለራሱ ያሰላው ቁጥር ግን እዚያው ይቀራል።

አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር መተዳደሪያ ደንቡን ለአባላቱ በቴሌግራም የሚያስረዳ አገልግሎት አሠርቷል እንበል። አንድ አባል “ዋስ የሆንኩለት ሰው ብድሩን ካልከፈለ ከእኔ ቁጠባ ይቆረጣል?” ብሎ ይጽፋል። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ከደንቡ ውስጥ ስለ ዋስትና የሚናገረውን አንቀጽ ይፈልጋል፤ ከዚያ አንቀጹንና ጥያቄውን አንድ ላይ ለቋንቋ ሞዴል ይሰጣል፤ ሞዴሉም መልሱን ያሰናዳል። በዚህ ሥራ ላይ ሁለት ሞዴሎች አሉ፤ ፈላጊውና መላሹ።

መላሹን መቀየር ይቀላል። ብዙ ሰው ሞዴሉ ያለፈውን ጭውውት የሚያስታውስ ይመስለዋል። እንዲህ ባለው አገልግሎት ግን በተለምዶ ፕሮግራሙ ነው አዲስ ጥያቄ በመጣ ቁጥር የቀደመውን ጭውውት መልሶ የሚልከው። ስለዚህ አባሉ ትናንት የጠየቀው ሁሉ ተመዝግቦ እስካለ ድረስ አዲሱ መላሽ አንብቦት ይቀጥላል።

የማይሻገረው ልኩ ነው። ሞዴሎች ጽሑፍን የሚቆጥሩትና የሚያስከፍሉት በቃል ሳይሆን ቶክን በሚባል ቁራጭ ነው፤ አቆራረጡም ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። ኮምፒውተር አንዱን የግዕዝ ፊደል በተለመደው የዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ ሲያስቀምጥ 3 ባይት ይፈጅበታል፤ ለአንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ግን 1 ባይት ይበቃዋል። አቆራረጡ ለአማርኛ ያልታሰበበት ሞዴል ላይ አንድ ቃል ብዙ ቶክን ይሆናል። በቀድሞው ሞዴል ተመጥኖ የተላከ አንቀጽ በአዲሱ ላይ ከገደብ ሊያልፍ ወይም ሒሳቡን ሊያንር ይችላል። የሞዴሎቹን ዋጋ በአንድ ሚሊዮን ቶክን ብቻ ማነጻጸር የሚያሳስተውም በዚህ ምክንያት ነው፤ የራስን የአማርኛ ጽሑፍ በሁለቱም ማስቆጠር ያስፈልጋል።

ዋናው ጣጣ ያለው ፈላጊው ላይ ነው። ፈላጊው እያንዳንዱን አንቀጽ አስቀድሞ ወደ ረጅም የቁጥሮች ረድፍ ይለውጠውና መዝገብ ላይ ያኖረዋል፤ ረድፉ ቬክተር ይባላል። ጥያቄ ሲመጣ እሱንም ወደ ቬክተር ለውጦ የሚቀርበውን አንቀጽ ያወጣል። እነዚህ ቁጥሮች ትርጉም የሚኖራቸው በሠራቸው ሞዴል ውስጥ ብቻ ነው።

ለምሳሌ የኦፕንኤአይ `text-embedding-ada-002` ሞዴል ረድፍ 1536 ቁጥሮች አሉት፤ የ`text-embedding-3-large` ደግሞ በመደበኛው 3072። በእነዚህ መካከል ዝም ብሎ መቀየር ርዝመቱ ስለማይገጥም ወዲያው ስሕተት ያሳያል። `text-embedding-3-small` ግን እንደ መጀመሪያው 1536 ነው። መዝገቡ በአሮጌው ተሠርቶ ጥያቄው በአዲሱ ቢለወጥ ፕሮግራሙ ምንም ሳያጉረመርም ይሠራል፤ ስለ ዋስትና ለጠየቀው አባል ግን ስለ ጠቅላላ ጉባኤ ምልዓተ ጉባኤ የሚያወራ አንቀጽ ሊያወጣለት ይችላል።

ይህን መለየት አያስቸግርም። ከደንቡ አንዱን አንቀጽ ቃል በቃል ገልብጦ እንደ ጥያቄ ማስገባት ነው። መዝገቡና ጠያቂው የአንድ ሞዴል ከሆኑ ያው አንቀጽ ራሱ አንደኛ ሆኖ ይወጣል፤ የመቀራረብ ነጥቡም 1 ወይም ለ1 እጅግ የቀረበ ይሆናል። ካልሆነ መዝገቡ የሌላ ሞዴል ነው፤ መፍትሔውም አንቀጾቹን በሙሉ በአዲሱ ሞዴል እንደገና መለወጥ ብቻ ነው።

መዝገቡ ታድሶም የነጥብ ወሰኑ ይቀራል። አሮጌው ሞዴል እምብዛም ለማይገናኙ ጽሑፎች እንኳ ከፍ ያለ ነጥብ በመስጠት ይታወቃል። ለእሱ “ከ0.8 በታች ያለውን ጣል” የተባለ ፕሮግራም በአዲሱ ላይ ትክክለኛውን አንቀጽ ሳይቀር ጥሎ “መልስ አልተገኘም” ሊል ይችላል።

ለመላሹ የተጻፈው መመሪያም በጽሑፍነቱ ይሻገራል፤ ውጤቱ ግን ዋስትና የለውም። “ከደንቡ ውጭ አትመልስ” የሚለውን አንዱ ሞዴል በጥብቅ ሲይዘው ሌላው ከራሱ ሊጨምርበት ይችላል።

ስለዚህ ሞዴል ከመቀየራችሁ በፊት ሦስት ነገር በእጃችሁ ይኑር፤ ያልተለወጠው የደንቡ ጽሑፍ፣ መዝገቡ በየትኛው ሞዴል እንደተሠራ የሚናገር ማስታወሻ፣ እንዲሁም ትክክለኛ መልሳቸው በሰው የተጻፈላቸው ጥቂት ደርዘን እውነተኛ የአባላት ጥያቄዎች። አዲሱን ሞዴል በእነዚያ ጥያቄዎች ሳትፈትኑ ለአባላት አትክፈቱት።