የነርቭ ልብሶች

ክርናችን ሲመታ እስከ ትንሿ ጣት የሚነዝረን በዚያ የሚያልፈው ነርቭ ስለተነካ ነው። ይህ ነርቭ በሺዎች የሚቆጠሩ ቃጫዎች ጥቅል ነው። እያንዳንዱን ቃጫ ስስ ሽፋን፣ የቃጫዎቹን እስር ጠንካራ ሽፋን፣ ጠቅላላውን ነርቭ ደግሞ ወፍራም ሽፋን ያለብሰዋል።

ከእነዚህ ሥር ሽዋን የተባለው ሴል በቃጫው ላይ እንደ ጥምጥም ደጋግሞ ይዞርና ማየሊን የተባለውን ቅባታማ ሽፋን ይሠራል። አንዱ ሴል የሚሸፍነው ቢበዛ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀጣዩን ሌላው ይረከባል። መልእክቱ በመካከላቸው ባሉት ክፍተቶች እየዘለለ በሰከንድ 50 ሜትር ያህል ይጓዛል። ማየሊኑ ሲጎዳ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ሐኪምም ይህን በኤሌክትሪክ ምርመራ ይለያል።

ቃጫው ተቆርጦ ሽፋኖቹ ከተረፉ፣ የሽዋን ሴሎች መንገድ እየመሩት በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል። ከክርን እስከ መዳፍ 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 10 ወር ይፈጃል። ነርቩ ከነሽፋኖቹ ከተቆረጠ ግን በቀዶ ሕክምና መሰፋት አለበት።