ገመዱ ሳይነቀል የሞተ መስመር

«ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ በባንክ ወይም በቁጠባ ተቋም መስኮት ፊት ቆሞ ያልሰማ ጥቂት ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ ቅርንጫፉን ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚያገናኘው መስመር መቋረጥ ነው። ግራ የሚያጋባው፣ ብዙ ቅርንጫፎች ለዚሁ ቀን ብለው ሁለተኛ መስመር ማስገባታቸው ነው። ፋይበሩ ሲቋረጥ ሥራውን ይረከባል የተባለው የ4ጂ መስመር መብራቱ በርቶ፣ ወርሃዊ ክፍያው እየተከፈለለት ይቀመጣል። ፋይበሩ በተቋረጠ ቀን ግን ራውተሩ ዞር ብሎም አያየውም።

መጠባበቂያው ተበላሽቶ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ብዙ ጊዜ ግን መጠባበቂያው ጤነኛ ነው። ችግሩ ራውተሩ ዋናው መስመር መሞቱን አለማወቁ ነው። ማንም አልነገረውም፤ ራሱም እንዲጠይቅ አልታዘዘም።

ራውተሩ የሚያየው እስከ የት ነው?

ለምሳሌ ያህል አንድ ቅርንጫፍ እንውሰድ። ከውጭ የገባው ፋይበር መጀመሪያ የሚያርፈው ሚዲያ ኮንቨርተር በሚባል ትንሽ ሣጥን ላይ ነው። ሣጥኑ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጥና በአጭር የመዳብ ገመድ ለራውተሩ ያቀብላል። አሁን ከከተማው ወጣ ብሎ መንገድ የሚቆፍር ኤክስካቫተር ፋይበሩን ቆረጠው እንበል። ሣጥኑ መብራት ስላለው እንደበራ ነው፤ የመዳብ ገመዱም እንደተሰካ ነው። ስለዚህ ራውተሩ በበኩሉ ያለው ወደብ ደህና እንደሆነ ያያል። ከቤቱ ደጃፍ የቆመ ሰው ከኮረብታው ማዶ ድልድይ መሰበሩን እንደማያይ ሁሉ፣ ራውተሩም ከገመዱ ጫፍ ወዲያ ያለውን አያይም።

አንዳንድ ኮንቨርተሮች ብርሃኑ ሲጠፋባቸው የመዳቡንም ወገን እንዲያጠፉ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ይህ ይረዳል፤ ግን የሚረዳው ብርሃኑ እነሱ ጋ ሲጠፋ ብቻ ነው። ብልሽቱ ከአገልግሎት ሰጪው ጣቢያ ወዲያ ከሆነ ብርሃኑ ይመጣል፤ መረጃው ግን አያልፍም።

በእጅ የተጻፈ ቋሚ መንገድ ደግሞ ደንቡ አንድ ነው፤ የሚወጣበት ወደብ እስካልወደቀ ድረስ ከመንገድ ሰንጠረዡ አይነሳም። በሲስኮ ራውተር ላይ የዚህ ቅርንጫፍ መንገዶች እንዲህ ተጽፈዋል እንበል፤ አድራሻዎቹ ለምሳሌ የተቀመጡ ናቸው።

```
ip route 0.0.0.0 0.0.0.0 192.0.2.1
ip route 10.10.0.0 255.255.0.0 192.0.2.1
ip route 0.0.0.0 0.0.0.0 Tunnel0 10
```

የመጀመሪያው መስመር «ሌላ ቦታ ያልተጠቀሰውን ሁሉ በፋይበሩ ላክ» ይላል። ሁለተኛው የዋናውን መሥሪያ ቤት ኔትወርክ ለይቶ በፋይበሩ ይልካል። ሦስተኛው በ4ጂው ላይ የተዘረጋውን ቪፒኤን መጠባበቂያ ያደርገዋል።

ቁጥሩ የሚያወዳድረው ምንን ነው?

በሦስተኛው መስመር ጫፍ ያለው 10 ቁጥር የመንገዱ ርቀት ነው። ርቀት ሲባል ኪሎሜትር አይደለም፤ የአመኔታ ደረጃ ነው፤ ቁጥሩ ያነሰው ያሸንፋል። ቁጥር ያልተጻፈለት ቋሚ መንገድ ርቀቱ 1 ነው። ስለዚህ ፋይበሩ በ1 ሰንጠረዡ ላይ ይቀመጣል፤ 4ጂው በ10 ከጀርባ ይጠብቃል። ፋይበሩ ከሰንጠረዡ ካልተነሳ በስተቀር 4ጂው አይገባም። ተረኛው ቦታውን ካልለቀቀ ተተኪው አይቀመጥም።

ዋናው መስመር አድራሻውን በራሱ በዲኤችሲፒ የሚቀበል ከሆነ ግን ቁጥሩ ይገለበጣል። ሲስኮ በዚያ መንገድ ለመጣ መንገድ የሚሰጠው ርቀት 254 ነው። በ10 የተጻፈው መጠባበቂያ ያኔ ሁልጊዜ አሸናፊ ይሆንና ፋይበሩ ሥራ ፈትቶ የ4ጂው ጥቅል ያልቃል። ስለዚህ የትኛው መንገድ እንዳሸነፈ በግምት ሳይሆን በ`show ip route` አይቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስተው ሌላ ነው። ርቀት የሚወዳደረው አንድ ዓይነት መድረሻ ባላቸው መንገዶች መካከል ብቻ ነው። ራውተሩ ከሁሉ በፊት የሚመርጠው መድረሻውን ይበልጥ ለይቶ የሚጠቅሰውን መንገድ ነው። በምሳሌያችን የዋናው መሥሪያ ቤት ኔትወርክ የራሱ መስመር አለው፤ መጠባበቂያ ግን የተጻፈው ለጠቅላላው መንገድ ብቻ ነው። ስለዚህ ባለሙያው ጠቅላላውን መንገድ ብቻ ቢያስተካክል፣ ፋይበሩ በተቋረጠ ጊዜ የቅርንጫፉ ኢንተርኔት በ4ጂ ይመጣል፤ የሒሳብ ሲስተሙ ግን እንደተቋረጠ ይቀራል። ወደ 10.10 የሚሄደው ሁሉ አሁንም ወደ ሞተው ፋይበር ይላካልና። «ጉግል ይከፍታል፣ ሲስተሙ ግን የለም» የሚል ስሞታ ከቅርንጫፍ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው።

ጤና የሚጠይቅ ያስፈልጋል

መፍትሔው ራውተሩ ከገመዱ ጫፍ ወዲያ ያለውን በየጊዜው እንዲጠይቅ ማዘዝ ነው። ጥያቄው ፒንግ ነው፤ ትንሽ መልእክት ይልክና መልስ ይጠብቃል። በሲስኮ ይህን የሚሠራው አይፒ ኤስኤልኤ የሚባለው መሣሪያ ነው።

```
ip sla 1
 icmp-echo 10.10.255.1 source-interface GigabitEthernet0/0
 threshold 1000
 timeout 1000
 frequency 5
ip sla schedule 1 life forever start-time now
track 1 ip sla 1 reachability
 delay down 15 up 60
```

ራውተሩ በየ5 ሰከንዱ ይጠይቃል፤ መልስ ለመጠበቅ የሚሰጠው ጊዜ 1000 ሚሊሰከንድ ማለትም አንድ ሰከንድ ነው። መልስ ቢጠፋ ወዲያው አይደነግጥም፤ ዝምታው 15 ሰከንድ ከቀጠለ መስመሩ ሞቷል ይላል። ተመልሶ መልስ ሲያገኝም 60 ሰከንድ ሳይታገሥ አያምንም። ፋይበሩ እየመጣ እየሄደ የሚጫወት ከሆነ ቅርንጫፉ ከወዲያ ወዲህ እንዳይንገላታ የሚያደርገው ይህ ትዕግሥት ነው። ተደማምሮ ሽግግሩ ከ20 ሰከንድ ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ይወስዳል። `frequency` ሳይጻፍ ቢቀር ራውተሩ የሚጠይቀው በየ60 ሰከንዱ ስለሆነ መዘግየቱ በዚያው ልክ ይጨምራል።

ማንን እንደሚጠይቅ መምረጥ ከሁሉ የከበደው ሥራ ነው። ቅርብ ያለውን 192.0.2.1ን ብቻ ቢጠይቅ ብልሽቱ ከእሱ ወዲያ ሲሆን አያውቅም። ኢንተርኔት ላይ ያለ የታወቀ አድራሻ ቢጠይቅ ደግሞ የሚለካው ቅርንጫፉ የሚያስፈልገውን መንገድ አይደለም። ስለዚህ እዚህ የተመረጠው በዋናው መሥሪያ ቤት ራውተር ላይ ለዚሁ ምርመራ ብቻ የተሰጠ አድራሻ ነው።

ከዚያ መንገዶቹ ይጻፋሉ።

```
ip route 10.10.255.1 255.255.255.255 192.0.2.1 permanent
ip route 0.0.0.0 0.0.0.0 192.0.2.1 track 1
ip route 10.10.0.0 255.255.0.0 192.0.2.1 track 1
ip route 0.0.0.0 0.0.0.0 Tunnel0 10
```

የመጀመሪያው መስመር ትርፍ ይመስላል፤ ያለ እሱ ግን ምርመራው ራሱን ያታልላል። ፋይበሩ ሞቶ ቅርንጫፉ ወደ 4ጂ ሲዞር ፒንጉም አብሮ በ4ጂ ይሄዳል፤ መልስም ያገኛል። ራውተሩ «ፋይበሩ ዳነ» ብሎ ይመለሳል፤ መልሶ ይወድቃል፤ እንደገና ይዞራል። በየደቂቃው የሚመጣና የሚሄድ ሲስተም ምልክቱ ይህ ነው። መስመሩ ፒንጉን በፋይበሩ ብቻ እንዲሄድ ያስገድደዋል፤ `permanent` የሚለው ቃልም ወደቡ ቢወድቅ እንኳ ሌላ መንገድ እንዳይፈልግ ያደርገዋል። አድራሻው ለምርመራ ብቻ የተለየውም ለዚህ ነው፤ ፋይበሩ ሲቋረጥ ከቅርንጫፉ በሌላ መንገድ አይደረስበትምና።

ብልሽቱ በተከሰተበት ሰዓት

መስመሩ ተቋርጦ መጠባበቂያው ካልተነሳ፣ ራውተሩን ከማጥፋትና ከማብራት በፊት ሁለት ትእዛዝ ብቻ ይበቃል፤ `show track 1` እና `show ip cef 10.10.20.5`። ሁለተኛው ላይ የሚጻፈው ሲስተሙ ያለበት ሰርቨር አድራሻ ነው።

ምርመራው መስመሩ ወድቋል እያለ መንገዱ አሁንም በ192.0.2.1 የሚያልፍ ከሆነ፣ ጠያቂው ሥራውን ሠርቷል፤ መልሱን የሚሰማ ግን የለም። ከመንገዶቹ በአንዱ ጫፍ `track 1` ሳይጻፍ ቀርቷል። ፋይበሩ ሞቶ ሳለ ምርመራው ደህና ነው የሚል ከሆነ ደግሞ ፒንጉ ቅርብ ያለ አድራሻ ይጠይቃል፤ ወይም በመጠባበቂያው በኩል እየሄደ ነው።

ምርመራውም መንገዱም በትክክል ዞረው ሲስተሙ ካልመጣ የሚታየው ሌላኛው ጫፍ ነው። የቅርንጫፉ ጥያቄ በ4ጂ ይደርሳል፤ የዋናው መሥሪያ ቤት ራውተር ግን መልሱን በተቆረጠው ፋይበር ይልካል። እዚያም ወደ ቅርንጫፉ የሚወስደው መንገድ ተመሳሳይ ምርመራና ተመሳሳይ መጠባበቂያ ያስፈልገዋል። አንድ ወገን ብቻ ዞሮ ግንኙነት አይቀጥልም።

ያለፈው ፈተና ምን ፈተነ?

ይህ ሁሉ ጉድለት በርክክብ ቀን የማይታየው ፈተናው ሌላ ስለሆነ ነው። ባለሙያው የመዳብ ገመዱን ከራውተሩ ይነቅላል፤ ወደቡ ይወድቃል፤ በፋይበሩ የሚያልፉት መንገዶች በሙሉ ይነሳሉ፤ 4ጂው ይረከባል። ያለ ምንም ምርመራ የተጻፉት የመጀመሪያዎቹ ሦስት መስመሮች እንኳ ይህን ፈተና ያልፋሉ። የተፈተነው ግን ከሁሉ የሚቀለው ብልሽት ነው።

ትክክለኛው ፈተና የመዳቡን ገመድ ሳይነኩ ከሥራ ሰዓት ውጭ ፋይበሩን ከኮንቨርተሩ ላይ መንቀል ነው። ኮንቨርተሩ የመዳቡን ወገን አብሮ የሚያጠፋ ዓይነት ከሆነ ግን ይህም አይበቃም፤ በዋናው መሥሪያ ቤት የምርመራውን አድራሻ ለጊዜው መዝጋት ያስፈልጋል። ከዚያ ግማሽ ደቂቃ ጠብቆ ፒንግ ሳይሆን አንድ እውነተኛ የሒሳብ ጥያቄ በሲስተሙ ማሳለፍ፣ መስመሩን መልሶ ከ60 ሰከንድ በኋላ መንገዱ ወደ ፋይበሩ መመለሱን ማየት ነው። ፈተናው በየወሩ ቢደገም ሌላም ነገር ይገለጣል፤ የ4ጂው ሲም ጥቅሉ አልቆበት ወይም ተዘግቶ ከሆነ፣ ያ የሚታወቀው ደንበኛ ተሰልፎ በቆመበት ሰዓት ሳይሆን በፈተናው ቀን ይሆናል።