ኬኩ በአንድ ጎን ለምን ያራል?

ኬክ በአንድ ጎኑ አሮ በሌላው ገርጥቶ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሊጡ ነው። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የኦቨኑ ነው። የቤት ኦቨን ውስጡ ሁሉ እኩል አይሞቅም፤ ለማሞቂያ ሽቦው ወይም ለጋዙ እሳት የቀረበው ቦታ ያይላል፣ በበሩ በኩል ደግሞ ሙቀት ያመልጣል።

የሚያይለው የት እንደሆነ ለማወቅ ተቆርጦ የሚሸጥ ነጭ ዳቦ ይበቃል። ኦቨኑን 180 ዲግሪ ላይ አድርገው በደንብ ያሙቁት። ከዚያ የመሃሉን የሽቦ መደርደሪያ ከዳር እስከ ዳር በዳቦው ይሸፍኑና አሥር ደቂቃ ያህል ያቆዩት። ሲያወጡ ቅደም ተከተሉን ሳያፋልሱ በስልክ ፎቶ ያንሱት፤ እያንዳንዱን ቁራጭ ገልብጠው ሥሩንም ይዩ። የኋላው ግራ ጥግ ጠቁሮ የፊቱ ቀኝ ነጭ ከቀረ፣ ትሪዎን ወደየት ፈቀቅ እንደሚያደርጉ አወቁ ማለት ነው። በበሩ በኩል ያለው በሙሉ ከገረጣ ግን የበሩን ማሸጊያ ይፈትሹ።

ቀጥሎ ማዞሪያው ላይ የተጻፈው ቁጥር እውነት መሆኑ ይጣራል። ለዚህ የሚመቸው መለኪያው ኦቨን ውስጥ ገብቶ ማሳያው ውጪ የሚቀር፣ በሽቦ የተያያዘ ቴርሞሜትር ነው። እሱም ራሱ ይፈተናል፦ የተፈጨ በረዶ በብርጭቆ ሞልተው ጥቂት ውኃ ይጨምሩና ጫፉን መሃሉ ላይ ይክተቱት፤ ዜሮ ወይም ወደዚያ የተጠጋ ማሳየት አለበት። በፈላ ውኃ የሚፈትን የአዲስ አበባ ሰው ግን 100 ዲግሪ አይጠብቅ። በከተማዋ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ደህናውን ዕቃ ተበላሽቷል ብሎ ሊጥለው ይችላል።

ከዚያ መለኪያውን መደርደሪያው መሃል፣ ብረት ሳያስነኩ ያስቀምጡ። መብራቱ ሲጠፋ ሞቋል ብለው አይቸኩሉ፤ ግድግዳው ገና ነው፣ ሃያ ደቂቃ ይጨምሩለት። ኦቨን እየበራ እየጠፋ ስለሚሠራ አንድ ንባብ ያሳስታል። ለምሳሌ ማዞሪያው 180 ላይ ሆኖ በየአምስት ደቂቃው 172፣ 158፣ 150፣ 166 እና 174 ቢነበብ አማካዩ 164 ነው። ስለዚህ 180 ሲፈልጉ ወደ 195 ያዞሩታል ማለት ነው።

መደርደሪያውን መሃል ማድረግ ብቻውን ግን አይበቃም። መሃል መዋል ያለበት ምግቡ ነው። ድፎ ዳቦ ሲነፋ ከፍ ስለሚል መደርደሪያው አንድ ደረጃ ዝቅ ይበል፤ ስስ ብስኩት መሃሉን አይልቀቅ። ትሪው ከግድግዳው ሦስት አራት ጣት ይራቅ፤ ዳር እስከ ዳር ከሞላ አየሩ መዞሪያ አጥቶ ሥሩ ያራል፣ ላዩ ይገረጣል። ትሪውን ማዞር ያስፈለገ እንደሆነ ብስኩቱን አጋማሽ ላይ ያዙሩት፤ ኬኩን ግን መሃሉ ሳይጠነክር ከነኩት ይሟሽሻል።