ለዓመታት የተጠራቀመው የሩብል ኪሳራ

የዴንማርኩ ቢራ ጠማቂ ካርልስበርግ እ.ኤ.አ. በ2023 ከመደበኛ ሥራው ወደ 11 ቢሊዮን የዴንማርክ ክሮነር አትርፏል። የዓመቱ የተጣራ ውጤት ግን ወደ 41 ቢሊዮን ክሮነር የሚጠጋ ኪሳራ ነበር። ምክንያቱ ባልቲካ የተባለው የሩሲያ ቅርንጫፍ ኩባንያው ነው። በዚያ ዓመት ሐምሌ ወር የሩሲያ መንግሥት ባልቲካን በጊዜያዊ አስተዳደር ሥር አደረገው፤ ካርልስበርግም ቁጥጥሩን አጣ። የኪሳራው ትልቁ ክፍል ግን በ2023 የደረሰ አልነበረም። ሩብል ለዓመታት ሲረክስ እየተጠራቀመ የመጣ ነው፤ እስከዚያ ጊዜ ድረስም በትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ ታይቶ አያውቅም።

ካርልስበርግ ባልቲካን በቁጥጥሩ ሥር ባስገባበት በ2008 መቶ ሩብል ወደ 20 ክሮነር ያወጣ ነበር። በሐምሌ 2023 ግን 7.5 ክሮነር ገደማ ብቻ ሆኗል። ባልቲካ የሚሸጠውም የሚከፍለውም በሩብል ስለሆነ መዝገቡን የሚይዘው በሩብል ነው። እናት ኩባንያው ግን ለባለአክሲዮኖቹ በክሮነር ሪፖርት ያደርጋል። ስለዚህ በየዓመቱ የባልቲካ ሒሳብ ወደ ክሮነር መለወጥ ነበረበት፤ ችግሩም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉም ነገር በአንድ ተመን አይለወጥም።

አይኤኤስ 21 በተባለው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ደንብ መሠረት ሀብትና ዕዳ የሚለወጡት በሒሳብ መዝጊያው ቀን ተመን ነው። ገቢና ወጪ ግን ግብይቱ በተፈጸመበት ቀን ተመን ይለወጣሉ፤ በተግባር ብዙውን ጊዜ የዓመቱን አማካይ መጠቀም ይፈቀዳል። እናት ኩባንያው መጀመሪያ ያስገባው ካፒታል ደግሞ በጥንቱ ተመን ይቆያል። ተመኑ በተለያየ ቀን ከተወሰደ የሒሳቡ ሁለት ጎኖች እኩል ሊሆኑ አይችሉም።

በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ቢሆኑም ሩብል በ2014 ከወደቀበት መጠን ብዙም አይርቁም። አንድ ቅርንጫፍ ዓመቱን የጀመረው ዕዳው ተቀንሶ በቀረው 1,000 ሚሊዮን ሩብል ሀብት ነው እንበል። በዓመቱ መጀመሪያ መቶ ሩብል 16 ክሮነር ስለነበር፣ ይህ 160 ሚሊዮን ክሮነር ነው። በዓመቱ 100 ሚሊዮን ሩብል አተረፈ፤ አማካይ ተመኑ 14 ስለሆነ ትርፉ 14 ሚሊዮን ክሮነር ሆነ። ሁለቱ ሲደመሩ 174 ሚሊዮን ይጠበቃል። በመዝጊያው ቀን ግን ተመኑ 10 ሆኗል፤ 1,100 ሚሊዮኑ ሩብል በዚህ ሲመነዘር 110 ሚሊዮን ክሮነር ብቻ ነው። 64 ሚሊዮን ጠፋ።

ጥሩ የሒሳብ ባለሙያ ይህን ክፍተት "ማስተካከያ" ብሎ አይዘጋውም፤ ከየት እንደመጣ ያረጋግጣል። በመክፈቻው ሀብት ላይ መቶው ሩብል ከ16 ወደ 10 በመውረዱ 60 ሚሊዮን ቀርቷል። በትርፉ ላይ ከ14 ወደ 10 በመውረዱ 4 ሚሊዮን ተጨምሯል። ድምሩ 64 ነው። ይህ ስሌት ካልገጠመ ስህተት አለ ማለት ነው። በብዛት የሚያጋጥመው ካፒታሉን በመዝጊያው ቀን ተመን መለወጥ ነው፤ ያን ጊዜ ልዩነቱ ይድበሰበስና ካፒታሉ ያለ ምክንያት ያነሰ ይመስላል።

እንግዲህ ይህ 64 ሚሊዮን የት ይግባ? በትርፍና ኪሳራ ላይ ቢመዘገብ 14 ሚሊዮን ያተረፈው ቅርንጫፍ 50 ሚሊዮን የከሰረ ይመስላል። ፋብሪካው ግን ቢራውን ሸጧል፣ ደመወዝ ከፍሏል፣ ከካዝናው የወጣ ገንዘብ የለም። በሚቀጥለው ዓመት ሩብል ቢያገግም ልዩነቱ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ደንቡ ትርፍና ኪሳራውን አልፎ በሌላ ጠቅላላ ገቢ በኩል፣ በባለቤቶች ካፒታል ውስጥ ራሱን በቻለ መጠባበቂያ እንዲቀመጥ ያዛል። በእኔ እምነት ይህ ትክክለኛ ፍርድ ነው፤ ኪሳራው ሳይደበቅ፣ የሥራውን ውጤትም ሳያዛባ ይታያል።

መጠባበቂያው ግን የመጨረሻ ማረፊያ አይደለም። ቅርንጫፉ ሲሸጥ ወይም ቁጥጥሩ ሲጠፋ የተጠራቀመው ሁሉ ተነሥቶ ወደ ትርፍና ኪሳራ ይገባል። ካርልስበርግን ያጋጠመው ይህ ነው። ርዕሰ ዜናው ላይ የወጣውን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ኩባንያው በአንድ ዓመት 41 ቢሊዮን የወደመበት ሊመስለው ይችላል። ከመጠባበቂያው የተዛወረው ክፍል ግን አጠቃላይ ካፒታሉን አንዲት ክሮነር አልቀነሰም፤ ቅናሹ ሩብል በወደቀባቸው ዓመታት ቀድሞ ተቆጥሯል። በ2023 የተለወጠው ኪሳራው የሚነበብበት መስመር ነው።

በውጭ አገር ቅርንጫፍ ያለውን ኩባንያ ሪፖርት የሚያነብ ሰው ከትርፉ ቀጥሎ በካፒታል ለውጥ መግለጫው ውስጥ የምንዛሪ ልዩነት መጠባበቂያ የሚለውን ዓምድ ይፈልግ። እዚያ ትልቅ ተቀናሽ ካየና ኩባንያው ከዚያ አገር ሊወጣ እንደሆነ ከሰማ፣ በመጪው ሪፖርት ምን ያህል ኪሳራ እንደሚጠብቀው ከወዲሁ መገመት ይችላል።