ተረትና እውነታ፦ የሰው ሐሳብ በራስ ቃል ሲጻፍ

በራስ መኮንን ድልድይ ዙሪያ ያሉት ሰፈሮች እንዴት እንደተመሠረቱ መጻፍ የፈለገ የሶሻል ሳይንስ ተማሪ ከፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ስለ አዲስ አበባ ቀደምት ሰፈሮች ያቀረቡት ጥናት በከተማዋ መቶኛ ዓመት ሲምፖዚየም መድብል ውስጥ በ1987 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ታትሟል። ተማሪው ከእንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ሐሳብ ወስዶ ወደ ድርሰቱ ሲያስገባ ነው ተረቶቹ የሚጀምሩት።

ተረት፦ ቃላቱን ከቀየርኩ የራሴ ሆነ።

ለማሳያ ያህል እኔው አንድ ዓረፍተ ነገር ልጻፍና ደራሲውን አበበ፣ ዓመቱን 2010 ዓ.ም. እንበለው፦ «በከተማዋ መጀመሪያ ዘመን መኳንንቱ በተሰጣቸው ቦታ ሲሰፍሩ ወታደሮቻቸው በዙሪያቸው ጎጆ ቀለሱ፤ በመካከል የቀረው ባዶ መሬት ግን በኋላ ቀስ በቀስ በቤት ተሞላ።»

ተማሪው ይህን ይዞ እንዲህ ይጽፋል፦ «በመዲናዋ ጅማሬ መሳፍንቱ በተቸራቸው ስፍራ ሲከትሙ ጭፍሮቻቸው በአካባቢያቸው ጎጆ ሠሩ፤ መሐል ላይ የተረፈው ክፍት መሬት ግን ከጊዜ በኋላ በዝግታ በቤት ተሸፈነ።» የዓረፍተ ነገሩ አጥንት እንዳለ ነው፤ የተቀየረው ልብሱ ብቻ ነው። መጨረሻው ላይ (አበበ፣ 2010) ቢባልም አይድንም፤ ዋቢው የሐሳቡን ባለቤት ይናገራል እንጂ አገላለጹም የአበበ መሆኑን ለአንባቢ አይነግርም። ከዚያም ሌላ ጉዳት አለ። መኳንንት «መሳፍንት» ሆነዋል፤ ሁለቱ ደግሞ አንድ አይደሉም። በተመሳሳይ ቃል የሚለዋውጥ ሰው ብዙ ጊዜ ሳያውቀው እውነታውንም ይለውጣል።

የሚሠራው መንገድ ይህ ነው። አንቀጹን አንብቡና ዝጉት። ደራሲው ምን እንዳለ በቃል ለሰው እንደምትነግሩ አድርጋችሁ ጻፉ፤ ከዚያ መልሳችሁ ከምንጩ ጋር አስተያዩ። ውጤቱ ይህን ሊመስል ይችላል፦ «አበበ (2010) የሰፈሮቹን እድገት በሁለት ደረጃ ያየዋል፤ መጀመሪያ ሰው በየመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ ተሰባሰበ፣ በየግቢው መካከል የነበረው ክፍተት የተያዘው ከዚያ በኋላ ነው (ገጽ 14)።» እዚህ ላይ የዓረፍተ ነገሩ አሠራር የተማሪው ነው፣ ሐሳቡ የአበበ ነው፣ ሁለቱም በግልጽ ይታያሉ።

ከእንግሊዝኛ መተርጎምም ዋቢ ከመጥቀስ ግዴታ አያወጣም። የፕሮፌሰር ባሕሩን አንቀጽ ቃል በቃል ወደ አማርኛ መልሶ ዋቢ አለመጥቀስ ያው ስርቆት ነው። የጽሑፍ መመሳሰልን የሚፈትሸው ሶፍትዌር ብዙ ጊዜ አይዘውም፤ መምህሩ ግን መጽሐፉን አንብቦት ይሆናል።

ተረት፦ በአንቀጹ መጨረሻ አንድ ቅንፍ ሁሉንም ይሸፍናል።

አምስት ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ መጨረሻው ላይ (አበበ፣ 2010) ብትሉ የትኛው የእሱ፣ የትኛው የእናንተ እንደሆነ አንባቢ በምን ያውቃል? የደራሲ-ዓመት ስልት ጥቅሙ እዚህ ነው። «አበበ (2010) እንደሚለው» ብላችሁ የሰውየውን ሐሳብ ትከፍታላችሁ፣ በገጽ ቁጥር ትዘጉታላችሁ። «ይህ ክፍፍል ለድልድዩ አካባቢ ምን ያህል ይሠራል?» የሚለው የራሳችሁ ጥያቄ ከዚያ ወዲያ በአዲስ ዓረፍተ ነገር ይምጣ። ቃል በቃል ስትወስዱ የጥቅስ ምልክትና የገጽ ቁጥር ግዴታ ነው። በራስ ቃል ለተጻፈ ገጽ የማይጠይቁ ስልቶች አሉ፤ እኔ ግን ሁልጊዜ ጻፉት እላለሁ።

ለሁሉም ነገር ዋቢ አያስፈልግም። ራስ መኮንን የዐፄ ኃይለ ሥላሴ አባት ናቸው ለማለት ማንንም መጥቀስ አይጠበቅባችሁም።

ተረት፦ የኢትዮጵያዊ ደራሲ «ሰርኔም» የአባቱ ስም ነው።

(ዘውዴ፣ 1987) ብሎ መጻፍ ጥናቱን ለደራሲው አባት መስጠት ነው። በኢትዮጵያ ጥናት ጽሑፎች የተለመደው (ባሕሩ፣ 1987) ወይም (ባሕሩ ዘውዴ፣ 1987) ነው፤ በዋቢ ዝርዝሩም ስሙ ሳይገለበጥ በ«ባ» ሥር ይገባል። ሪቻርድ ፓንክረስት ግን (ፓንክረስት፣ 1968) ነው፤ የቤተሰብ ስም አለውና። እንደ ዞቴሮ ያለ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ ስሙን ለሁለት ሳትከፍሉ በአንድ ሳጥን አስገቡት፤ አለበለዚያ ራሱ ይገለብጠዋል። የውጭ መጽሔት የአባት ስም አስቀድሙ ካለ መመሪያውን ተከተሉ፤ በጽሑፉ ውስጥ ያለውና በዝርዝሩ ያለው ግን አንድ ይሁን።

ዓመቱም እንዲሁ ነው። በ1999 ዓ.ም. ታተመ የሚል የአማርኛ መጽሐፍ ወሩ ካልተጻፈ በፈረንጆቹ 2006 ወይም 2007 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አትገምቱ፤ መጽሐፉ ላይ ያለውን ቁጥር ጻፉና «ዓ.ም.» የሚለውን አትርሱ።