“ተደርጓል” ሲባል ማን አደረገው?

ገንዘቡን ሕንፃ ላይ ያዋለ ባለአክሲዮን በየሦስት ወሩ አንድ የሥራ ሂደት ሪፖርት ይደርሰዋል። ሪፖርቱን አንብቦ ሁለተኛውን ዙር ክፍያ ይክፈል ወይስ ይቆይ የሚለውን መወሰን አለበት። ሪፖርቱ ሥራው መዘግየቱን ይነግረዋል፤ ማን እንዳዘገየው ግን አይነግረውም። ብዙ ጊዜ ይህ የሚሆነው ጸሐፊው ስለዋሸ ሳይሆን ግሡን ሁሉ በተደራጊ ስለጻፈው ነው። “ተወስኗል”፣ “ቀርቧል”፣ “እንዲራዘም ተደርጓል” እያለ ሲሄድ አድራጊው ከዓረፍተ ነገሩ ይወጣል።

ጉዳዩን በምሳሌ እንየው። የሚከተለውን አንቀጽ ለማስረጃ ያዘጋጀነው እኛው ነን፤ አጻጻፉ ግን ለአንባቢያችን እንግዳ አይሆንም።

“በሦስተኛው ሩብ ዓመት የሕንፃው 6ኛ ፎቅ የኮንክሪት ሥራ የተጠናቀቀ ሲሆን፣ የሊፍት ግዢ እንዲፈጸም ውሳኔ ተሰጥቶና የውጭ ምንዛሪ በባንክ በኩል እንዲፈቀድ ጥያቄ ቀርቦ የኤል ሲ መከፈት በመዘግየቱ የዕቃው ማስረከቢያ ጊዜ በ45 ቀን እንዲራዘም የተደረገ ከመሆኑም በላይ፣ የክፍያ ሰርተፊኬት ቁጥር 7 በወቅቱ ባለመጽደቁ የልስን ሥራው እንዲቆም ተደርጎ ቆይቶ፣ ችግሩ ተፈትቶ ሥራው እንዲቀጥል የተደረገ ሲሆን፣ ሕንፃው እስከ ሰኔ መጨረሻ ይጠናቀቃል ተብሎ ይጠበቃል።”

ይህ ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በውስጡ አንድም ሰው፣ አንድም ክፍል፣ አንድም ድርጅት ሥራ ሲሠራ አይታይም። ባንክ ተጠቅሷል፤ ነገር ግን “በባንክ በኩል” ማለት ባንኩ ፈቃጅ ነው ወይስ ጥያቄው የሚያልፍበት መንገድ ብቻ ነው? ከአንቀጹ መለየት አይቻልም።

አንቀጹን ለማቃናት የሚቀመጥ ሰው መጀመሪያ ብዕሩን አያነሣም። በየግሡ ሥር አስምሮ “ማን?” ብሎ ይጠይቃል። መልሱን ከራሱ ግምት ሳይሆን ከፋይል ያወጣዋል። በእኛ ምሳሌ ፋይሉ ውስጥ አምስት ወረቀቶች አሉ እንበል። ቃለ ጉባኤው የሊፍቱን ግዢ የወሰነው ቦርዱ መሆኑን ያሳያል። ባንኩ የውጭ ምንዛሪ እንዲፈቅድ የተጻፈው ደብዳቤ የወጣው ከፋይናንስ ክፍል ነው። 45 ቀን የጨመረው የሊፍት አቅራቢው፣ ኤል ሲ በጊዜው አልተከፈተልኝም ብሎ በጻፈው ደብዳቤ ነው። ተቋራጩ ሰርተፊኬቱ ስላልጸደቀ ልስኑን ማቆሙን፣ አማካሪ መሐንዲሱ ካጸደቀው በኋላም መቀጠሉን ጽፏል። የሰኔው ቀነ ገደብ ደግሞ የመጣው ተቋራጩ ካስገባው የተከለሰ የሥራ ፕሮግራም ነው።

አሁን መጻፍ ይቻላል።

“ተቋራጩ የሕንፃውን 6ኛ ፎቅ የኮንክሪት ሥራ በሦስተኛው ሩብ ዓመት አጠናቀቀ። ቦርዱ ሊፍት እንዲገዛ ወሰነ። የፋይናንስ ክፍሉ የውጭ ምንዛሪ እንዲፈቅድ ባንኩን ጠየቀ። ኤል ሲው ሳይከፈት ዘገየ። በዚህ ምክንያት አቅራቢው የማስረከቢያውን ጊዜ በ45 ቀን አራዘመ። አማካሪ መሐንዲሱ የክፍያ ሰርተፊኬት ቁጥር 7ን በወቅቱ አላጸደቀም። ስለዚህ ተቋራጩ የልስን ሥራውን አቆመ። አማካሪው ሰርተፊኬቱን ሲያጸድቅ ተቋራጩ ሥራውን ቀጠለ። ተቋራጩ ሕንፃውን እስከ ሰኔ መጨረሻ አጠናቅቃለሁ ብሎ ይጠብቃል።”

ከዚህ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ “ጥሬ ሐቁ ሳይለወጥ ቀርቷል?” የሚለው ነው። አደጋው ያለውም እዚሁ ላይ ነው፤ ምክንያቱም አድራጊ መጨመር ተጠያቂ መጨመር ነው።

የኤል ሲውን ዓረፍተ ነገር እንደገና እንይ። ሁሉንም በአድራጊ ለመጻፍ የቸኮለ ሰው “ባንኩ ኤል ሲውን አዘገየ” ይላል። ፋይሉ ግን ይህን አይልም። የምንዛሪ ወረፋ ሊሆን ይችላል፤ ፋይናንስ ክፍሉ ሰነድ አጓድሎ ሊሆን ይችላል፤ ቦርዱ ከወሰነ በኋላ ደብዳቤው ጠረጴዛ ላይ ሰንብቶም ሊሆን ይችላል። ደግነቱ አማርኛ “ዘገየ” እና “አዘገየ” የሚሉ ሁለት ግሦች አሉት። “ዘገየ” የሆነውን ብቻ ይናገራል፤ “አዘገየ” ጣት ይቀስራል። ማስረጃ እስኪገኝ ድረስ የመጀመሪያው ይበቃል።

የልስኑ ጉዳይም ተመሳሳይ ነው። “እንዲቆም ተደርጎ” የሚለው ሐረግ ሁለት ነገር ይሸፍናል። ተቋራጩ ራሱ ገንዘብ ስላጣ ካቆመ “አቆመ” ነው። አማካሪው በሥራው ጥራት ቅር ተሰኝቶ ትእዛዝ ሰጥቶ ከሆነ ደግሞ “አስቆመ” ይሆናል። በአንዲት “ስ” የክፍያ ችግር የጥራት ችግር ይሆናል፤ ለባለአክሲዮኑ ሁለቱ እጅግ የተራራቁ ዜናዎች ናቸው። እኛ “አቆመ” ያልነው የተቋራጩ ደብዳቤ እንዲያ ስለሚል ነው። ስለ አማካሪውም “አላጸደቀም” እንጂ “አጓተተ” አላልንም። ተቋራጩ የልኬት ወረቀቱን አሟልቶ አላቀረበ እንደሆነስ?

“ይጠበቃል” የሚለውም ቃል በቀላሉ ይወድቃል። አንቀጹን ለማሳጠር ብለው “ተቋራጩ በሰኔ መጨረሻ ያጠናቅቃል” ቢሉ ግምቱን ተስፋ ሰጪ ቃል ኪዳን ያደርጉታል። ግምቱ ግምት ሆኖ መቆየት አለበት፤ አዲስ የሚገኘው ነገር የማን ግምት እንደሆነ መታወቁ ነው። የሰኔን ቀን ያወጣው ሥራውን የሚሠራው ራሱ እንጂ ሥራውን የሚቆጣጠረው አማካሪ አለመሆኑን አንባቢው አሁን ያውቃል።

በተቃራኒው ደግሞ “ተ” ያየ ሁሉ ግሡን መለወጥ የለበትም። “ባለቤቱ ዕቃውን ተረከበ”፣ “አቅራቢው ደብዳቤውን ተቀበለ” የሚሉት በ“ተ” ቢጀምሩም አድራጊያቸው ፊት ለፊት ቆሟል። አድራጊው ከፋይል ካልተገኘም ተደራጊውን እንዳለ ትቶ “ማን እንደወሰነ በሰነዱ አልተገለጸም” ብሎ መጨመር ስም ከመፍጠር ይሻላል።

ሥራው ሲያልቅ ማመሳከር ቀላል ነው። በቀድሞው አንቀጽ ያሉት ቁጥሮችና ጊዜያት፣ ማለትም ሦስተኛ ሩብ ዓመት፣ 6ኛ ፎቅ፣ 45 ቀን፣ ሰርተፊኬት ቁጥር 7 እና የሰኔ መጨረሻ፣ በአዲሱ አንድም ሳይጎድሉና ሳይጨመሩ መገኘት አለባቸው። “በመዘግየቱ” እና “ባለመጽደቁ” የሚሉት ምክንያቶችም “በዚህ ምክንያት” እና “ስለዚህ” ሆነው ቦታቸውን መያዝ አለባቸው። ከዚያ ወረቀቱን ለፋይናንስ ኃላፊው፣ ለአማካሪውና ለተቋራጩ ማሳየት ነው። እያንዳንዱ ስሙ ባለበት ዓረፍተ ነገር ላይ “ይህ ልክ ነው” ብሎ መፈረም ከቻለ ሐቁ አልተለወጠም። አልፈርምም ያለ ካለ፣ ወይ ጸሐፊው ያለማስረጃ ጽፏል፣ ወይ የቀድሞው አንቀጽ አንድ ነገር ሸፍኖ ኖሯል።

ባለአክሲዮኑም ከስብሰባ በፊት ሪፖርቱ ሲደርሰው ይህንኑ ሊያደርግ ይችላል። “ተደርጓል” ባለበት ሁሉ በእርሳስ “ማን?” ብሎ ይጻፍ። ስብሰባው ላይ የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች ያኔ በእጁ ይዟል ማለት ነው።